የሆራው ምዕራፍ በአንድ ገጽ

በጎባ ከተማ ቃለ ጉባኤ በመያዝ እኅተማርያምን የሚስተካከል አልነበረም። ተሰብሳቢው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲናገር፣ አንዱ ሲቆጣ ሌላው ሲያኮርፍ፣ እሷ ቀና ሳትል ትጽፋለች። ስብሰባው ሲያልቅ ያ ሁሉ ጫጫታ ጥርት ብሎ፣ በመልክ በመልኩ ተሰድሮ ይወጣል። ሲነበብላቸው ተናጋሪዎቹ ራሳቸው «እንዲህ አምሮ ነው እንዴ የተናገርነው?» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ሴትየዋም ችሎታዋን ታውቀዋለች። ትሑት ነኝ ብላ አታውቅም፤ አይደለችምም።

ስለዚህ የሆራው ነገር ሲነሣ ሥራው ወደ እሷ መምጣቱ ማንንም አልገረመም።

ሆራ ከብት አጥብቆ የሚወደው ጨዋማ የምንጭ ውሃ ነው። ከጎባ ወጣ ብሎ፣ ከዳገቱ ሥር፣ ከደብሩ ግቢ በታች አንድ አለ። ከብት በየጊዜው ሆራ ካልወረደ ወተቱ ይቀንሳል፣ ሰውነቱም ይከሳል ይላሉ አርቢዎቹ፤ በዚህ ነገር ደግሞ ከእነሱ ጋር የሚከራከር ሞኝ ነው። በዚያ ዓመት የደብሩ ሰበካ ጉባኤ፣ ከብቱ ግቢውን አጨቀየው፣ የመቃብሩንም ቦታ ረገጠው ብሎ፣ ምንጩን ጨምሮ ሊያጥር ምሰሶ ማቆም ጀመረ። የሰበካው ሊቀ መንበር አቶ ተሰማ ኃይለየሱስ ናቸው፤ የእኅተማርያም እናት ወንድም። ለአርቢዎቹ የቆሙት ደግሞ ሐጂ ጠሃ ናቸው፤ ላሞቻቸውን በየስማቸው የሚጠሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ረጅም ሽማግሌ። አጥሩ ካለቀ ከብቱን ወደ ሌላ ሆራ ለመንዳት ቆላ መውረድ ሊኖርባቸው ነው፤ የከሳ ከብት ደግሞ ያን መንገድ አይችለውም።

ሁለቱም ወገኖች የሚያነሡት አባቶቻቸውን ነበር። አቶ ተሰማ፣ ጦሩ ወደ ባሌ ደጋ በወጣበት ዘመን የሰፈሩት አባቶቻችን መሬቱን ከነምንጩ በመሐላ ተቀብለዋል ይላሉ። ሐጂ ጠሃ፣ አባቶቻችን ከብታቸውን ተነጥቀዋል፣ ሆራውን ግን ለማንም አልሰጡም ይላሉ። ሽማግሌዎች ተሰይመው ብዙ ከደከሙ በኋላ ሁለቱን ያስማማ አንድ ነገር ተገኘ፤ እሱም የመምህር ተክለማርያም ቃል ነው። መምህር ተክለማርያም የሁለቱንም ወገን ልጆች ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በጉልምስናቸው ስለ ከተማው ምሥረታ ዘመን መጽሐፍ ጽፈው፣ አሳታሚ አጥተው፣ በጽሕፈት መኪና እንደተመታ ቀርቷል። ፎቶኮፒው በቤተ መጻሕፍቱ አለ። ከምዕራፎቹም አንዱ ስለዚሁ ሆራ ነው።

«መምህር ያሉትን እንቀበላለን» አሉ ሁለቱም። አንዳቸውም አላነበቡትም። ሰው ያላነበበውን እንዴት እንዲህ አምኖ እንደሚፈርምበት እንጃ፤ ብቻ ፈረሙ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የቀድሞው የፍርድ ቤት ጸሐፊ አቶ ደጀኔ ምዕራፉን አነሡትና ከስድሳ ገጽ በላይ መሆኑን ሲያዩ መልሰው አስቀመጡት። አንድ ገጽ ተደርጎ ይጨመቅና በጉባኤው ይነበብ፣ በተነበበውም ይፈረድ ተባለ። ጨማቂዋ እኅተማርያም ሆነች።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አበበ ፎቶኮፒውን ገጽ በገጽ ስካን አድርጎ በፍላሽ ሰጣት። ኮምፒውተሩ ምስሉን ወደ ጽሑፍ እንዲለውጠው ቢሞክሩም የድሮው የጽሕፈት መኪና ፊደል ስለደበዘዘ መስመሩን ሁሉ አተረማመሰው። ስለዚህ እኅተማርያም ምስሉን ራሱን እያጎላች፣ ገጹ በተንጋደደበት እሷም አንገቷን እያንጋደደች አነበበችው። ቁጭ ብላ ነው ያነበበችው፤ አልሰነፈችም። ስንፍና ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር።

ከዚያ የለመደችውን አደረገች። ምዕራፉን እንደ ስብሰባ ያዘችው። ረጅም የተነገረውን ረጅም፣ አጭር የተነገረውን አጭር አድርጋ፣ ለየክፍሉ እንደ ገጹ ብዛት ቦታ ሰጠችው። መጀመሪያ ስለ ጦሩ አመጣጥና ስለ ሰፈሩ አቀማመጥ ብዙ ገጽ ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አገኘ። ቀጥሎ የከተማው ሰው ስለሚያወራው መሐላ፣ የአገሬው ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ የጦሩ አለቃ ጎራዴውን መሬት አስቀምጦ፣ መሬቱ በሰላም እንደተሰጠ የሚተርክ ረጅምና ያማረ ክፍል ነበር፤ አንድ ሙሉ አንቀጽ አገኘ። ከዚያ ጥቂት ገጾች መካከል ላይ አሉ፤ አንድ መስመር ሰጠቻቸው። በመጨረሻ ምንጩ በደብሩ ወሰን ውስጥ መሆኑን የሚናገር የወሰን ጽሑፍ ግልባጭ ከነማብራሪያው አለ። ቃለ ጉባኤ የሚያልቀው በውሳኔ ስለሆነ ይህንን በመጨረሻው አንቀጽ አስቀመጠችው። ከምዕራፉ ኋላ የተደረደሩትን ማስታወሻዎች አልነካቻቸውም፤ ማጠቃለያ ላይ ማስታወሻ ማን ያነባል?

ልክ አንድ ገጽ ሆነ። ትርፍ ቃል አልነበረውም።

አቶ ተሰማ በዚያው ቀን በመሥሪያ ቤቷ በኩል ሲያልፉ ጎራ ብለው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት። የእህቴ ልጅ ትባረኪ፣ እንዲህ ነው እንጂ መጻፍ አሏት። ደስ አላት። ባለጉዳዩ ራሳቸው ያን ያህል መደሰታቸው ትንሽ ቅር አሰኛት፤ ግን ደስታው በለጠ።

ሽማግሌዎቹ መምህር ተክለማርያም ይስሙትና ይመኑበት ብለው ስለነበር በማግሥቱ ሮቤ ወረደች። መምህር እዚያ ከልጃቸው ከፈለቀች ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል፤ የሰው መልክ በጥላ ነው የሚታያቸው። በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ከአጥሩ ማዶ ስንዴው ታጭዶ ነበርና አቧራው እስከ በረንዳው ይመጣል።

አነበበችላቸው። ደግመሽ አንብቢ አሏት። ደገመችው።

«እያንዳንዱ ቃል የእኔ ነው» አሉ መምህር። «እኔ ግን እንዲህ አላልኩም።»

እኅተማርያም ፊቷ ጋለ። ስንት ዓመት ቃለ ጉባኤ ስትይዝ እንዲህ ያላት ሰው የለም። የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደተሳሳተ እንዲነግሯት ጠየቀች፤ ገጹን ጠቅሳ ልታሳይ ተዘጋጅታለች። ሁሉም ትክክል ነው አሏት። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ትክክል ከሆነ ምኑ ነው የእርሳቸው ያልሆነው?

መምህር ቀስ ብለው አስረዷት። እሳቸው ያደጉት በቤተ ክህነት ትምህርት ነው። መምህራቸው አንድን ሐሳብ ከመንቀፍህ በፊት ባለቤቱ ከሚናገርለት አሳምረህ ተናገርለት ይሏቸው ነበር። የመሐላውን ወሬ ያን ያህል ያረዘሙት ስላመኑበት አይደለም፤ የከተማው ሰው ስለሚወደው፣ ሳይሰሙን ነቀፉን እንዳይል ነው። የወሰኑንም ጽሑፍ ኋላ ላይ ያደረጉት ዘግይቶ እጃቸው ስለገባ እንጂ ስለሚበልጥ አይደለም። ገጽ መቁጠር ለወረቀት ነጋዴ ይረዳው ይሆናል አሉ፤ ለሐሳብ ግን አይረዳም። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እንዲያውም ትንሽ ፈገግ ብለው ነበር። እሷ ግን ፈገግታው ከቁጣ ይልቅ ከበዳት።

«ታዲያ የእርስዎ ሐሳብ የቱ ነው? ይንገሩኝና ልጻፈው» አለቻቸው።

«ዛሬ የምነግርሽ የዛሬውን ተክለማርያም ነው። ጠቡ ከተነሣ በኋላ ያለውን። እነሱ የተስማሙት ያኔ በጻፈው ነው። ሂጂና ‹ስለዚህ› ያልኩበትን ፈልጊ።»

ወደ ጎባ ስትመለስ በሚኒባሱ መስኮት በኩል አንዲት ዛፍ እንኳ አላየችም። እየተበሳጨች ነው የተሳፈረችው፤ ጎባ ስትደርስ ግን ብስጭቱ ወደ ፍርሃት ተለውጦ ነበር። ያ ገጽ በጉባኤው ተነብቦ ቢሆን ኖሮ አንድም ውሸት ሳይኖርበት በመምህር ስም የቃላቸውን ተቃራኒ ያስፈርድ ነበር። ሐጂ ጠሃም ከብታቸውን ይዘው ቆላ ይወርዱ ነበር። ይህንን ያደረገችው ደግሞ ተንኮለኛ አይደለም፤ ጥንቁቋ እኅተማርያም ናት።

ምዕራፉን እንደገና ከፈተችና ይህን ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት አነበበችው፤ መምህር «ስለዚህ» ካሉበት ተነሥታ፣ ለዚያ ያደረሳቸውን እየተከተለች። ያን ጊዜ ምዕራፉ ሌላ ሆኖ ታያት። ያ አንድ መስመር የሰጠችው መካከለኛ ክፍል የምዕራፉ ልብ ነበር። እዚያ ላይ መምህር እንዲህ ይላሉ፦ መሐላ መኖሩን ሁለቱም ወገኖች ስለሚናገሩ መሐላ ነበር። ነገር ግን ከመሐላው በፊት ከብቱ በጦሩ ተነድቶ ነበርና፣ ላሙ በሰው በረት የታሰረበት ሰው እንቢ ለማለት አይችልም፤ ስለዚህ መሐላው መሬቱ በፈቃድ ለመሰጠቱ ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ሁለቱ ወገኖች ሳይሰማሙ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ፣ አንድ ነገር በአንድ ቃል ይናገራሉ፤ ሆራው ለከብት ክፍት ሆኖ እንዲኖር ተነግሯል። ይህንን ከአርቢው ወገን መስማት አያስገርምም፤ ይጠቅመዋልና። ከሰፋሪው ወገን ሲሰማ ግን የሚጎዳውን ነው የሚመሰክረው፤ ስለዚህ ይታመናል። የወሰኑ ጽሑፍም መሬቱ የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ውሃውን ማን እንደሚጠጣው አይናገርም። እኔ ያየሁት ግን ግልባጩን እንጂ ዋናውን አይደለም።

ከሰፋሪው ወገን ማን ነው የመሰከረው? ገጹ ግርጌ ላይ ንግግሩ ይጀምራል፤ ስካኑ ግን ከታች ተቆርጦ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ጠፍተዋል። መጀመሪያ ስታነበው ዘልላው ነበር። አሁን አበበ ዘንድ ሄዳ ፎቶኮፒውን አስከፈተችው። ፎቶኮፒው ላይ መስመሮቹ ሙሉ ናቸው፤ አበበ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ አስቀምጦት ኖሮ ነው። እሱ ይቅርታ እየደጋገመ እሷ ቆማ አነበበች፦

«አባቴ ሊሞት ሲል መሬቱን አስረከበኝና፣ ሆራው ግን የከብት ነው፣ ያጠረውን አጥንቴ ይውጋው አለኝ።»

ከንግግሩ መጨረሻ የማስታወሻ ቁጥር አለ። ያልነካቻቸውን ማስታወሻዎች ገለጠች። ተናጋሪው ያን ጊዜ የደብሩን መሬት ያስተዳድሩ የነበሩት ባላምባራስ ኃይለየሱስ ናቸው ይላል፤ አባታቸውም ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች አንዱ። ባላምባራስ ኃይለየሱስ የአቶ ተሰማ አባት ናቸው። የእሷም አያት።

አበበ ምን ሆንሽ አላት። ምንም አለች።

ጎባ ትንሽ ከተማ ናት፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ወሬ ሐጂ ጠሃ ዘንድ ደርሶ ነበር። መሥሪያ ቤቷ መጥተው በሩ ላይ «አካም ቡልቴ፣ እኅተማርያም» ብለው ገቡና ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ያሉት አጭር ነው። ገጹ ካጠረ የመሐላው ነገር ይቅር፤ የተነዳው ከብት ይጻፍ፣ የሆራው ክፍት መሆን ይጻፍ፣ ይበቃል። ለእሳቸው መሐላው መቼም ስድብ ነው። እኅተማርያምም በሆዷ አስባበታለች፤ መሐላውን ብታወጣው ሁሉም ነገር አንድ ገጽ ላይ ይገባል፣ የበደለቻቸውንም ሰው ትክሳለች። ለአንዲት ቀን ያህል ይኸው ትክክል መሰላት። እንዲያውም ጻፈችው።

ጽፋ ስታነበው ግን ያው የድሮ ጥፋቷ ሆኖ ታያት፣ ወደ ሌላ በኩል ዞሮ። መሐላው ከወጣ ሁለቱ ወገኖች ስለ ምን እንደተነጋገሩ አይታወቅም፤ ሆራው ክፍት ይሁን የተባለው በዚያው መሐላ ላይ ነውና። በማስታወሻው ውስጥ ደግሞ ስለ መሐላው ለመምህር በኩራት የነገሯቸው ከአርቢዎቹ ወገን የሆኑ አንድ የአርሲ ሽማግሌ ነበሩ፤ የያዙትን ሣር ሳይቀር ጠቅሰው። መሐላውን ማውጣት የእኚያን ሰው ቃል መጣል ነው። ለሐጂ ጠሃ ይህንን ስትነግራቸው፣ «እሺ። ግን ከብቱ ቀድሞ መነዳቱ ይጻፍ። ቀድሞ» አሉ። ይጻፋል አለቻቸው። ይህችን ‹ቀድሞ› የምትል ቃል ብትጥላት መምህር ራሳቸው አይምሯትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሌላ ሆነ። አንድ ዓረፍተ ነገር ትይዝና ትሰርዘዋለች፤ ሰርዛ ‹ስለዚህ› የሚለውን ታነባለች። ‹ስለዚህ› እንደቆመ ከቀረ ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ። ከተንገዳገደ ይመለስ። በዚህ መንገድ የሰፈሩ አቀማመጥ ሁሉ ወጣ፣ የጦር አለቆቹ ስም ዝርዝር ወጣ፣ ጎራዴው ወጣ። መምህር በጣም የሚወዱት፣ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች የዳገቱን ብርድ ያሳለፉበት ውብ ገለጻም ወጣ። በስልክ ስትነግራቸው አኮረፉ። ያን ገጽ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ታውቂያለሽ ወይ አሏት። ሐሳባቸው ያለ ብርዱ ይቆም እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ይቆማል አሉ፣ እያጉረመረሙ። ከዚያ ግን ግልባጭ እንጂ ዋናውን አላየሁም ያሉት ይቅር ወይ ስትላቸው ኩርፊያውን ረስተው፣ እሱ ከቀረ የእኔን ስም አታድርጊበት አሏት። ያላወቁትን አውቀዋል ተብሎ እንዲነገር አይፈልጉም።

እንዲህ እየሆነ አንድ ገጽ አልሆነም። ሁለት ገጽ ከጥቂት ሆነ፤ ከዚያ በታች ሲወርድ አንዱ ምክንያት ከሌላው ይላቀቃል። አቶ ደጀኔ አንድ ገጽ ነው የተባለው፣ ሰው ቁጭ ብሎ አይሰማም ብለው ተነጫነጩ። አንድ ገጽ መጻፍ እንደምትችል፣ ጽፋም እንደነበር፣ ያ ግን የእሷ እንጂ የመምህር ቃል እንዳልሆነ ነገረቻቸው። አቶ ደጀኔ የኖሩት በፍርድ ቤት ነው፤ ባጠረ ቃል የተበላሸ ፍርድ ስንት እንዳዩ እሳቸው ያውቃሉ። ይሁን አሉ።

የቀረው የአያቷ ስም ነበር።

ሌላውን ስም ሁሉ አውጥታለች። ይህንንም አውጥታ «አንድ የከተማው ሽማግሌ እንደተናገሩት» ብትል ማንም ሊከሳት አይችልም፤ እንዲያውም መስመሩ ያጥራል። አጎቷ በሕዝብ ፊት አያፍሩም፣ በቤተሰቡም ነገር አይገባም። ማሳጠር እንዲህ ለፈራ ሰው መሸሸጊያ ይሆናል፤ ምን ደበቅህ ሲሉት አሳጥሬ ነው ይላል። እኅተማርያም ይህንን አውቃ ስሙን ሰረዘችው። ሰርዛ እንደለመደችው ‹ስለዚህ› የሚለውን አነበበች። ወደቀ። የመምህር ክርክር በሙሉ የቆመው የመሰከረው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ማንም ሊሆን ይችላል፤ ከብት ያለውም ሽማግሌ ይሆናል። የደብሩን መሬት በእጁ ይዞ ሆራው የእኔ አይደለም ያለ ሰው ግን ሌላ ነው።

ስሙን መለሰችው። ከዚያ ጉባኤው ሳይደርስ ለአጎቷ ልትነግራቸው ሄደች፤ በጎን እንዲሰሙ ሳይሆን ከእሷ እንዲሰሙ። ቤት አልነበሩም። ደብሩ ጋ ምሰሶ እያስተከሉ ነው አሏት። ወደዚያ ስታቀና ከሩቅ ሆነው አዩዋትና እጃቸውን አንሥተው፣ ያንን ያማረ ገጽ ነገ እንሰማዋለን አሏት በደስታ። አጠገባቸው ሠራተኞች ቆመዋል። ልቧ ከዳትና ሳትነግራቸው ተመለሰች። በዚህስ ራሷን ወቀሰች፤ መውቀስም ይገባት ነበር።

ጉባኤው በቀበሌው አዳራሽ ጠዋት ተሰበሰበ። በአንድ በኩል የሰበካው ሰዎች፣ በሌላው አርቢዎቹ፣ ከፊት ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። መምህር ተክለማርያምም ፈለቀች እየመራቻቸው ከሮቤ መጥተው ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጠዋል። አቶ ደጀኔ የሚነበበው የመምህር ሐሳብ መሆኑን፣ ምን ያህል እንዳጠረ፣ ሙሉውም ለሚፈልግ በቤተ መጻሕፍቱ እንዳለ ተናገሩ። እኅተማርያም ተነሣች።

ከብቱ ቀድሞ መነዳቱን ስታነብ በሰበካው ወገን ሰው ተቁነጠነጠ። መሐላው መኖሩን ስታነብ በአርቢዎቹ ወገን ጉርምርምታ ተነሣ፤ ሐጂ ጠሃ እጃቸውን ዝቅ አድርገው አስቆሙት። አቶ ተሰማ ያነበቡት ገጽ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ግን አላቋረጧትም። ወደ ምስክርነቱ ስትደርስ ወረቀቱን አጥብቃ ያዘችና ስሙን ከነማዕረጉ፣ ንግግሩንም እንዳለ አነበበችው። ከዚያ እስከ መጨረሻው፣ መምህር ዋናውን አላየሁም እስካሉበት ድረስ ዘለቀች።

ስትጨርስ አቶ ተሰማ ነበሩ የተነሡት።

«ደግመሽ አንብቢው።»

ሁሉንም መስሏት ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች።

«ሁሉን አይደለም። የአባቴን።»

አነበበችው። ያጠረውን አጥንቴ ይውጋው የሚለው ላይ ስትደርስ አቶ ተሰማ የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። የተረገመው ምሰሶ የሚተክል ሰው መሆኑን፣ ያ ሰውም እሳቸው መሆናቸውን አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ዓይናቸው ግን የሚፈልገው መምህር ተክለማርያምን ነበር፤ በልጅነታቸው ያስተማሯቸውን።

«ለእኔ አንድ ቀን አልነገረኝም» አሉ። «ለእርስዎ ከነገረ እኔን ልጁን ለምን አይነግረኝም?»

መምህር ወደ ድምፁ ዞሩ። «እኔማ ጠይቄው ነው፣ ተሰማ» አሉ በቀስታ። «አንተ የጠየቅኸው ጊዜ ነበር?»

አቶ ተሰማ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና፣ ምሰሶዎቹን ያስተከልኩት እኔ ነኝ፣ የማስነቅላቸውም እኔ ነኝ አሉ፤ አጥሩ ከመቃብሩ ቦታ አይለፍ። ሐጂ ጠሃም ተነሥተው፣ ከብቱ በግቢው በኩል እንዳያልፍ በታች በኩል መንገድ እናወጣለን አሉ። አቶ ደጀኔ ሁለቱንም ጻፉ። ስለ አሮጌው በደል ግን ማንም ምንም አልፈረደም፤ ለዚያ አልተሰበሰቡምና።

ሰው ሲበተን እኅተማርያም ወረቀቷን እየሰበሰበች አጎቷን ፈራቻቸው። ትላንት መጥታ ሳትነግራቸው መመለሷን ልትናገር አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሡ። ዓይናቸው ቀልቷል። አባታቸው በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ሌላ የተናገሩት ነገር እንዳለ ጠየቋት።

አለ አለቻቸው። ብዙ ቦታ ላይ አለ፤ ስለ እናታቸው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ መጀመሪያው አዝመራ። ለክርክሩ ስለማያስፈልግ አውጥታዋለች።

«እንግዲያው ሙሉውን ስጪኝ» አሉ አቶ ተሰማ። «አንድም ቃል ሳትቀንሺ።»